ሣጥኑ አንድ፣ ፕላስቲኩ ሌላ ሲናገር፦ የመጫወቻ ስምና የደኅንነት ምልክትን ከፎቶ መመርመር

ጥያቄ፦ «ከሰው የተሰጠን ገልባጭ መኪና መጫወቻ ነው፤ ሣጥኑም አብሮ አለ። የሣጥኑን ፊትና ጀርባ፣ የመኪናውን ሆድና የመኪናውን ፊት በአራት ፎቶ አያይዣለሁ። ከሥሩ ሲኢ የሚል ምልክት፣ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር እና ሰዓት የሚመስል ክብ አለ። የታወቀው ኩባንያ ምርት መሆኑን ከዚህ ማወቅ ይቻላል? የሁለት ዓመት ልጄ ቢጫወትበትስ?»

መልስ፦ ሣጥኑ በላዩ የተጻፈው ኩባንያ ሣጥን ሊሆን ይችላል፤ መኪናው ግን ከዚያ ሣጥን የወጣ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ለልጅዎ እንዲሰጥም አልመክርም። ይህን የምለው ከጠቀሷቸው ሦስት ምልክቶች በአንዱም ምክንያት አይደለም፤ በአራተኛው ፎቶ ላይ በሚታየው በግራው የፊት መብራት ቦታ ምክንያት ነው። ወደ እርሱ በኋላ እመለሳለሁ፤ በቅድሚያ ሣጥኑና መኪናው እንደማይገናኙ እንዴት እንዳወቅሁ ላስረዳ።

እንዲህ ያለ ፎቶ ሲደርሰኝ ሣጥኑን ወደ ጎን አድርጌ ከፕላስቲኩ እጀምራለሁ። ሣጥን ካርቶን ነው፤ ይቀደዳል፣ ይለወጣል፣ ከአንዱ መጫወቻ ወደ ሌላው ይዛወራል፣ ማንም ማተሚያ ያለው ሰው ሊያሳትመው ይችላል። በፕላስቲኩ ላይ ጎልቶ የወጣ ወይም ሰርጎ የገባ ጽሑፍ ግን የተቀረጸው በፕላስቲኩ ላይ ሳይሆን ፕላስቲኩ ቀልጦ በተጨመቀበት የብረት ሞልድ ላይ ነው። ያን ጽሑፍ መለወጥ ብረቱን እንደገና መቅረጽን ይጠይቃል። ስለዚህ የፕላስቲኩ ጽሑፍ ስለ መጫወቻው ደኅንነት እውነቱን ይናገራል ባይባልም፣ ከመጫወቻው እንደማይለይ ግን እርግጠኛ መሆን ይቻላል።

በሦስተኛው ፎቶ ላይ ሰዓት የመሰለዎት ክብ በፋብሪካ ሰዎች ዘንድ የቀን ሰዓት ይባላል፤ ከሁሉም ምልክቶች ብዙ የነገረኝም እርሱ ነው። ለገዢ ታስቦ የተደረገ ነገር አይደለም። በሞልዱ ውስጥ የተሰካች ትንሽ ክብ ብረት ናት፤ በዳርቻዋ ከ1 እስከ 12 ያሉት የወራት ቁጥሮች ተቀርጸዋል፣ በመካከሏ በመፍቻ የሚዞር ቀስት አለ፣ ከቀስቱ ግራና ቀኝ ደግሞ የዓመቱ የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ተለያይተው ይቆማሉ። ሠራተኛው በየወሩ ቀስቱን ያዞራል፤ ዓመቱ ሲለወጥ የመካከሉን ክፍል ይቀይራል። በእርስዎ ፎቶ ላይ ቀስቱ ወደ 8 ያመለክታል፣ በግራው 2፣ በቀኙም 2 አለ። ይህም ማለት የመኪናው ሆድ የተመረተው በ2022 እ.ኤ.አ. በስምንተኛው ወር ነው። ብዙ ሰዎች ሁለቱን አኃዞች ለየብቻ አይተው የሞዴል ቁጥር ወይም የዕድሜ ገደብ አድርገው ይወስዷቸዋል፤ ቀስቱ መካከላቸው ስለሚያልፍ አንድ ቁጥር መሆናቸው በቀላሉ አይታይም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፎቶ ይሂዱ። በሣጥኑ ጀርባ፣ ከታች በኩል፣ ከሌላው ኅትመት በተለየ በነጠብጣብ ጥቁር ቀለም የተጻፈ መስመር አለ። ሌላው ጽሑፍ ከሣጥኑ ጋር በብዛት የታተመ ሲሆን፣ ይህ መስመር ግን መጫወቻው ታሽጎ በማጓጓዣ ላይ ሲያልፍ የተረጨ የምርት ስብስብ ቁጥር ነው፤ በመጨረሻውም 2019/03 ይላል። እንግዲህ በ2019 የታሸገ ሣጥን በ2022 የተመረተ ፕላስቲክ ሊይዝ አይችልም።

የቀኖቹ ቅደም ተከተል እዚህ ላይ ወሳኝ ስለሆነ ትንሽ ላቆይዎት። ነገሩ የተገላቢጦሽ ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም ፕላስቲኩ የ2019 ሣጥኑ ደግሞ የ2022 ቢሆን፣ ምንም አልጠረጥርም ነበር፤ ፋብሪካዎች የተመረተ አካል በመጋዘን አቆይተው በኋላ ይገጣጥማሉ። ቀስቱን ማዞር የረሳ ሠራተኛም ያጋጥማል፤ የመርሳት ስሕተት ግን ፕላስቲኩን ከእውነተኛው ዕድሜው ያስረጀዋል እንጂ ወደፊት አይወስደውም። ከሣጥኑ በኋላ የተወለደ ፕላስቲክ ሲገኝ ግን የሚቀረው ማብራሪያ አንድ ነው፤ ሣጥኑ የሌላ መኪና ነበር። አንድ አካል ተሰብሮ በሌላ ተተክቶ ይሆን እንዳልል፣ በዚያው ፎቶ ዳር ላይ የመጫኛው የታች ክፍል ይታያል፤ በእርሱም ላይ ያለው የቀን ሰዓት ወደ 7 የሚያመለክት ሲሆን ዓመቱ ያው 22 ነው። አንድ ወር የሚለያያቸው ሁለት አካላት አብረው የተገጣጠሙ ሳይሆኑ አይቀሩም።

የሞዴል ቁጥሩም ይህንኑ ያጠናክራል። ሣጥኑ 4417 ይላል፤ ከመኪናው ሆድ ላይ የተቀረጸው 8826 ነው። በራሱ ብቻ ቢሆን ይህ ልዩነት ብዙ ክብደት አልሰጠውም ነበር፤ አንድ አምራች ለአካሉ አንድ ቁጥር፣ ለተሸጠው ዕቃ ሌላ ቁጥር ሊሰጥ ይችላልና። በሆዱ ላይ ያሉት ሌሎች ትንንሽ ነገሮች ደግሞ ምልክት እንኳ አይደሉም። ምንም ጽሑፍ የሌላቸው አራት ለስላሳ ክቦች ፕላስቲኩን ከሞልዱ የገፉት ዘንጎች ያስቀሩት አሻራ ነው፤ በመካከል ያለችው ሻካራ ጉብታ የቀለጠው ፕላስቲክ የገባባት ቀዳዳ ናት፤ ለብቻው የቆመው 3 ቁጥርም፣ አንድ ሞልድ በአንድ ጊዜ ብዙ ተመሳሳይ አካል ሲያወጣ ይህኛው ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ የሚጠቁም ነው። «3 የሚለው ለሦስት ዓመት ልጅ ነው ማለት ነው?» ተብዬ ብዙ ጊዜ ተጠይቄያለሁ፤ አይደለም።

የኩባንያውን ስም በተመለከተ፣ በሣጥኑ ላይ በጉልህ የተጻፈው ስም በመኪናው ሆድ፣ በጎማዎቹም ሆነ በፊቱ ላይ የለም። ስሙን በፕላስቲኩ ላይ ማስቀረጽ ግዴታ ባይሆንም፣ ለስሙ የሚጨነቅ አምራች ሞልድ ሲያሠራ ስሙን አብሮ ማስቀረጹ የተለመደ ነው። ከዚህ ይልቅ ዓይኔን የሳበው ከሞዴል ቁጥሩ በላይ ያለው ባዶ አራት ማዕዘን ነው። በዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ሻካራ ሲሆን እርሱ ብቻ ልሙጥ ነው። እንዲህ ያለው ቦታ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ ወረቀት እንዲለጠፍበት ታስቦ የተተወ ነው፣ ወይም ቀድሞ ስም የነበረበት የሞልድ ክፍል ተነሥቶ ባዶ ብረት ተተክቶበታል። የሙጫ ቅሪት መኖሩን በጣት ዳስሰው ቢነግሩኝ የትኛው እንደሆነ መናገር እችል ይሆናል፤ ከፎቶው ብቻ ግን ለአንዱ አላዳላም።

በሣጥኑ ላይ ከስሙ ጎን ያለው ክብ ውስጥ የገባ አር የንግድ ምልክቱ በሆነ አገር መመዝገቡን የሚገልጽ አባባል ነው። ሁለት ትንንሽ ፊደላት ብቻ ያሉበት ቲኤም ቢሆን ኖሮ ደግሞ ባለቤቱ ስሙን እንደ ንግድ ምልክት እንደሚጠቀምበት ብቻ ይናገራል፤ ምዝገባ አያስፈልገውም። ሁለቱም ስለ ደኅንነት አንድም ቃል አይናገሩም። ከሥሩ © 2017 የሚለውም የሥዕሉ ወይም የንድፉ የባለቤትነት መብት የተጠየቀበት ዓመት እንጂ የምርት ዓመት ስላልሆነ፣ ከቀን ሰዓቱ ጋር አለመስማማቱ ምንም አያሳስብም። የባርኮዱ የመጀመሪያ ሦስት አኃዞችም ቁጥሩን የሰጠው የምዝገባ ድርጅት በየት አገር እንደሆነ ያሳያሉ እንጂ መጫወቻው የተመረተበትን አገር አያሳዩም። ይህን የምጠቅሰው «ባርኮዱን አይተህ የት እንደተሠራ እወቅ» የሚለው ምክር በሰፊው ስለሚዘዋወር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሲኢ ምልክት እንምጣ፤ ስለ እርሱም የሚወራው ከሚታወቀው ይበልጣል። ምልክቱ አምራቹ ራሱ «ይህ ዕቃ የአውሮፓ ኅብረትን ሕግ ያሟላል» ብሎ በኃላፊነት የሚያስቀምጠው ማረጋገጫ ነው። መንግሥት መርምሮ የሚለጥፈው ማኅተም አይደለም፤ የጥራት ደረጃም አይደለም። ለመጫወቻ የሚሠራው ሕግ ከ2009 ጀምሮ ያለው መመሪያ ቁጥር 2009/48 ሲሆን፣ አብዛኛው አምራች የተደነገጉትን ደረጃዎች ተከትሎ ራሱ አስመርምሮ ራሱ ያውጃል። ስለዚህም በመጫወቻ ላይ ከሲኢ ቀጥሎ የመርማሪ ተቋም ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አለመኖሩ ጉድለት አይደለም። ቁጥሩ የሚጻፈው ተቋሙ የምርት ሂደቱንም በሚቆጣጠርባቸው የዕቃ ዓይነቶች ላይ ነው።

ቅርጹን ልክ ነው ወይስ አይደለም ለማለት የምጠቀምበት ዘዴ ቀላል ነው። ሁለቱም ፊደላት የእኩል ክቦች ቁራጮች ናቸው። በፎቶው ላይ የመጀመሪያውን ፊደል ክብ በእርሳስ ወይም በሥዕል ፕሮግራም ቀጥለው ቢሞሉት፣ የክቡ ውጫዊ ጠርዝ የሁለተኛውን ፊደል ግራ ጎን አልፎ ውስጣዊ ጠርዙን ይነካል። በሌላ አነጋገር በሁለቱ ፊደላት መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ አለ፤ የሁለተኛው ፊደል መካከለኛ መስመርም ከላይኛውና ከታችኛው ያጥራል። በእርስዎ ፎቶ ላይ ይህን አድርጌ ክቡ በሚገባው ቦታ አርፏል፤ ቅርጹ ልክ ነው። የምልክቱ ቁመት በመደበኛው ከ5 ሚሊሜትር ማነስ የለበትም፤ ይህን ግን በአጠገቡ ማስመሪያ ስለሌለ ልለካው አልቻልኩም። ፎቶው በጥቂቱ እንኳ ከጎን የተነሣ ቢሆን ክቡ እንቁላል ስለሚመስል መለኪያው ሁሉ እንደሚሳሳትም ልብ ይበሉ።

ፊደላቱ ተጠጋግተው ሲገኙ ምልክቱ «ቻይና ኤክስፖርት» ማለት ነው የሚል ወሬ ለዓመታት ሲነገር ቆይቷል። እንዲህ ያለ ሕጋዊ ምልክት የለም። ጉዳዩ በአውሮፓ ፓርላማ ተነሥቶ፣ የአውሮፓ ኮሚሽን በ2008 እ.ኤ.አ. በሰጠው መልስ እንዲህ ያለ ምልክት መኖሩን እንደማያውቅና ችግሩን የሲኢ ምልክት ያለአግባብ መጠቀም አድርጎ እንደሚመለከተው ገልጿል። የተጠጋጉ ፊደላት ብዙውን ጊዜ የሚያሳዩት ግድየለሽነትን ነው፤ ሞልድ ቀራጩ ከኮምፒውተሩ ያገኛቸውን ተራ ፊደላት ጎን ለጎን አስቀምጧል ማለት ነው። ከቅርጹ ስሕተት ይልቅ የቅርጹ ትክክለኛነት ሰውን ሲያሳስት አይቻለሁ። በአግባቡ የተቀረጸ ሲኢ በምንም ዓይነት መጫወቻ ላይ ሊቀረጽ ይችላል፤ ብረቱ አይከለክልም።

ይልቅስ ከሲኢ ጋር አብሮ መኖር ያለበትን ነገር ይፈልጉ። ያው መመሪያ የአምራቹ ስምና የሚገኝበት አድራሻ፣ ዕቃው ከውጭ የገባም ከሆነ የአስመጪው ስምና አድራሻ፣ እንዲሁም የሞዴል ወይም የምርት ስብስብ መለያ እንዲኖር ያስገድዳል። እነዚህ በመጫወቻው ላይ መሆን አለባቸው፤ ካልተቻለ በማሸጊያው ወይም አብሮ በሚመጣው ወረቀት ላይ። የማያምር፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ መስመር ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማነበው እርሱን ነው። ምክንያቱም ሲኢ «ደኅና ነው» የሚል ቃል ሲሆን፣ አድራሻው ቃሉን የሰጠው ማን እንደሆነና ቢያጠፋ ማን እንደሚጠየቅ ይነግረናል። የእርስዎ ሣጥን ይህ መስመር በተሟላ ሁኔታ አለው፤ መኪናው ግን ከሲኢውና ከ8826 በቀር ምንም የለውም። ስለዚህ መኪናው ሕገ ወጥ ነው ማለት አልችልም፤ ስምና አድራሻው በጠፋው እውነተኛ ሣጥኑ ላይ ኖሮ ይሆናል። ዛሬ በእጅዎ ያለው ግን ባለቤቱ የማይታወቅ መኪና ነው፤ የሣጥኑን ስም፣ ማስጠንቀቂያና ማረጋገጫም ወደ እርሱ ማሻገር አይቻልም።

በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለው 5 ፖሊፕሮፒሊን የተባለውን የፕላስቲክ ዓይነት ያመለክታል። ከ1 እስከ 7 ያሉት እነዚህ ቁጥሮች ከ1988 ጀምሮ ፕላስቲክን በየዓይነቱ ለመለየት የተሠራባቸው ሲሆኑ ዕድሜንም፣ ጥራትንም፣ ደኅንነትንም አይገልጹም። አንዳንድ ወላጅ 3 ቁጥርን ሲያይ ይደነግጣል፤ 3 ፒቪሲ ነው፣ ፒቪሲን ለማለስለስም ፍታሌት የሚባሉ ኬሚካሎች ሲጨመሩ ስለቆዩ ድንጋጤው መነሻ አለው። ዳሩ ግን ቁጥሩ የፕላስቲኩን ዓይነት እንጂ ምን እንደተጨመረበት አይናገርም። በአውሮፓ ኅብረትና በአሜሪካ የተከለከሉት ፍታሌቶች በመጫወቻው ልስልስ ፕላስቲክ ውስጥ ከክብደቱ 0.1 ከመቶ እንዳይበልጡ የተደነገገ ሲሆን፣ ይህ የሚታወቀው በላቦራቶሪ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ምልክቱ የተቀረጸበትን አካል ብቻ ነው የሚመለከተው። የእርስዎ 5 የሆዱ ነው፤ ለስላሳዎቹ ጎማዎች ምልክት ስለሌላቸው ከምን እንደተሠሩ አላውቅም።

አሁን ዕድሜው። በሣጥኑ ፊት ላይ በቀይ ክብና በቀይ ሰያፍ መስመር የተሰረዘ፣ 0-3 የሚል ጽሑፍና የሕፃን ፊት ያለበት ምልክት አለ። ትርጉሙ «ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም» የሚል የአደጋ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከጎኑም አደጋው ምን እንደሆነ በአጭር ሊገለጽ ይገባል፤ በዚህ ሣጥን ላይ ትንንሽ አካላት ይላል። ብዙ ሰው ይህን 3+ ከሚለው ጽሑፍ ጋር ያምታታዋል። 3+ ብቻውን ሲቆም የሚመከር ዕድሜን ሊገልጽ ስለሚችል፣ ወላጅ «ልጄ ጎበዝ ስለሆነ ይችለዋል» ብሎ ያልፈዋል። የተሰረዘው ክብ ግን ስለ ጉብዝና አይደለም፤ ሁሉን ወደ አፍ የሚከት ልጅ ምን ሊያንቀው እንደሚችል ነው የሚናገረው። ምልክቱ ማምለጫ ሊሆን እንደማይገባም ይወቁ። ሲነቃነቅ የሚንኳኳ የጨቅላ መጫወቻ ላይ ይህ ምልክት ካዩ፣ ዕቃው በባሕርዩ የሕፃን ስለሆነ ማስጠንቀቂያው ከአገልግሎቱ ጋር ይጋጫል፤ መመሪያውም ይህን ይከለክላል። እንዲህ ያለውን ሳይ ስለ ምልክቱ ሳይሆን ስለ አምራቹ መጠርጠር እጀምራለሁ።

ያም ሆኖ ይህ የሣጥኑ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሣጥኑ ደግሞ የሌላ ነው። ስለ መኪናው የሚናገረው ራሱ መኪናው ብቻ ስለሆነ አራተኛውን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። የቀኙ የፊት መብራት ክብ፣ ብርሃን አሳላፊ ሽፋን አለው። በግራው ቦታ ሽፋኑ የለም፤ የሚታዩት ሽፋኑ ይገባባቸው የነበሩ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ናቸው። በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ስንጥቅ አይታይም፣ የሙጫ ቅሪትም የለም። ሽፋኑ በሁለት እግሮቹ ተገፍቶ ገብቶ በመጥበቅ ብቻ ይያዝ ነበር፤ ሳይሰበርም ወጥቷል። ቀኙም የተያዘው በዚሁ ዓይነት ነው።

ትንሽ አካል የሚባለው ምን እንደሆነ በዓይን የሚገመት ነገር አይደለም። መለኪያው ውስጡ 31.7 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ነው፤ ታቹ በሰያፍ የተቆረጠ ስለሆነ ጥልቀቱ በአንድ ጎን 25.4፣ በሌላው 57.1 ሚሊሜትር ነው። አካሉ ሳይጫኑት፣ በማናቸውም አቅጣጫ ተደርጎ ሙሉ በሙሉ ከቱቦው ውስጥ ከገባ፣ ለትንሽ ልጅ ጉሮሮ አስጊ ነው ተብሎ ይቆጠራል። በፎቶው ላይ የሽፋኑ ስፋት ከጎማው ስፋት ሲሶ ይሆናል፤ ጎማው በእጅዎ ሲለካ 4 ወይም 5 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ሽፋኑ 1.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። እንዲያ ከሆነ ቱቦው ውስጥ በቀላሉ ይገባል። ከወፍራም ወረቀት የዚህ ስፋት ያለው ቱቦ ጠቅልለው ሌሎቹንም አካላት መሞከር ይችላሉ፤ ሆኖም ሙከራው የሚያሳየው የሚገባውን እንጂ የሚነቀለውን አይደለም። በአውሮፓው ኢኤን 71 ደረጃ፣ ለታናናሽ ልጆች በሚሠራ መጫወቻ ላይ ሊያዝ የሚችል አካል ስፋቱ ከ6 ሚሊሜትር ሲበልጥ በ90 ኒውተን፣ ይህም 9 ኪሎ ገደማ ክብደት በሚስበው ኃይል፣ ተጎትቶ መቆየት አለበት። በጣት ጥፍር ተፈልቅቆ አልወጣም ማለት ይህን ያልፋል ማለት አይደለም። የእርስዎ መኪና ግን ፈተናው ውስጥ ሳይገባ በአገልግሎት ላይ ወድቋል፤ አንዱ አካል ተለይቷልና።

ፎቶ የማይደርስበትን ነገርም በግልጽ ልናገር። በቢጫው ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት መኖር አለመኖሩን፣ ጎማው ምን እንደተጨመረበት፣ ፕላስቲኩ ሲሰበር ስለታም ጫፍ ማውጣት አለማውጣቱን ከምስል የሚናገር ሰው ቢያጋጥምዎት አይመኑት። የቀለሙ ድምቀትም ሆነ የዕቃው ሽታ ለዚህ ማስረጃ አይሆንም፤ ሽታ የሌለው መጥፎ ቀለም አለ፣ የሚሸት ደኅና ላስቲክም አለ።

ምርመራውን መቀጠል ከፈለጉ ሌላ ፎቶ ቢልኩልኝ አያለሁ። ፍላሹን አጥፍተው፣ መብራቱን ከጎን ወደ ፕላስቲኩ ዝቅ አድርገው ያብሩ፤ ጎልቶ የወጣው ጽሑፍ ጥላ ስለሚጥል በጥቁር ፕላስቲክ ላይ እንኳ ይነበባል። ስልኩን ከምልክቱ ትይዩ አድርገው ይያዙ፣ ከጎኑም በዚያው ከፍታ ማስመሪያ ያስተኙ። አሁንም ካልታየ ስስ ወረቀት በላዩ አድርገው በእርሳስ ጎን በቀስታ ይፈትጉት፤ ፊደሉ ራሱ ይወጣል። በተለይ የጎማዎቹን የውስጥ ገጽታና የባዶውን አራት ማዕዘን ምስል እፈልጋለሁ። እስከዚያው 8826 የሚለውን ቁጥር የአውሮፓ ኅብረት አደገኛ ዕቃዎችን በሚያስታውቅበት Safety Gate በሚባለው ገጽ ላይ መጻፍ ይችላሉ፤ በዚያ የሚወጡት ማስታወቂያዎች ብዙውን ጊዜ የመጫወቻውን ፎቶ፣ የሞዴል ቁጥሩንና ባርኮዱን ይይዛሉ። ቁጥር ብቻውን ለብዙ ዕቃ ሊሰጥ ስለሚችል ምስሉን ሳያመሳክሩ «ተገኘ» አይበሉ፤ አለመገኘቱም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፣ ማንም አላስመረመረውም ማለት ሊሆን ይችላል። የሣጥኑን ባርኮድ ግን እዚያ አይፈልጉ፤ የሚነግርዎት ስለ ሌላ መኪና ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መኪናውን የሰጧችሁን ሰዎች የግራው የመብራት ሽፋን ሲሰጡ በቦታው ነበረ ወይ ብለው ይጠይቁ። ከነበረ የወደቀው እርስዎ ቤት ነውና፣ ልጅዎ የሚድህበትንና የሚቀመጥበትን ወለል ዛሬውኑ ይፈትሹ።